ሲቲው «ኖርማል»፣ ኤምአርአዩ «ስትሮክ» ሲል ማንን እንመን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልህ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ግፊት አለባቸው፣ መድኃኒቱን አንዳንዴ ይዘሉታል። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁርስ እየበሉ ሳለ ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ አፋቸው ተጣመመ፣ መናገር አቃታቸው። እግራቸው ደህና ነበር። ጎረቤት «ምች ነው» ቢልም መኪና ለምነን ደብረ ብርሃን አደረስናቸው። 4 ሰዓት ላይ ሲቲ ስካን ተነሱ። «ደም መፍሰስ የለም፣ ኖርማል ነው» ተባልን። ሐኪሙ ግን ስትሮክ ነው ብሎ አስተኛቸው፣ አስፒሪን ጀመረላቸው። ዘመድ አላስቀምጥ ሲለን በማግስቱ አዲስ አበባ ወስደን 5 ሰዓት ላይ ኤምአርአይ አስነሳናቸው። እዚያ «በግራ በኩል አዲስ ስትሮክ አለ» አሉን። አሁን ደብረ ብርሃን ተመልሰው ተኝተዋል፣ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። ሲቲው ተሳስቶ ነው ወይስ ያነበበው ሰው? መጀመሪያውኑ ኤምአርአይ ቢነሱ ይሻል ነበር? አሁንስ ሲቲው ይደገም? የሁለቱንም ፊልም ፎቶ ልኬልሃለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርልህ። ፊልሞቹን አይቻቸዋለሁ። ሲቲው አልተሳሳተም፣ ያነበበውም ሰው አልተሳሳተም፣ ኤምአርአዩም ያጋነነው ነገር የለም። ሁለቱ ማሽኖች አንድን ጭንቅላት አይተው የተለያየ ነገር ነው የለኩት። ምን እንደለኩ ካወቅህ፣ የቀሩት ጥያቄዎችህ በአብዛኛው እዚያው ይፈታሉ።

ከሲቲው ልጀምር። ሲቲ ራጅ ነው። ጨረሩ በጭንቅላት ዙሪያ እየተሽከረከረ ያልፍና፣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ነጥብ ጨረሩን ምን ያህል እንዳስቀረ ያሰላል። ለዚያ ነጥብ ቁጥር ይሰጠዋል። መለኪያው ሃውንስፊልድ ይባላል። ውሃ 0 ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው፣ ጠንካራ አጥንት ወደ 1000 ይጠጋል። የአንጎል ግራጫው ክፍል 37 አካባቢ ነው። ነጩ ክፍል 28 አካባቢ ነው። ልብ በል፣ ጤነኛ አንጎል ላይ በግራጫውና በነጩ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ 10 እንኳ አይሞላም። በሺዎች በሚቆጠር መለኪያ ላይ ይህ ልዩነት ከምንም አይቆጠርም። ሲቲ አንጎልን የሚያሳየን በዚህች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው።

ስትሮክ ሲቲ ላይ የሚጠቁረው ቦታው ውሃ ሲሞላ ነው። ውሃው በ1 በመቶ ሲጨምር ቁጥሩ በ2 ወይም በ3 ይወርዳል። አባትህ ሲቲ የተነሱት ከጀመራቸው በሦስተኛው ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ቦታው የገባው ተጨማሪ ውሃ ገና ትንሽ ነው። 37 የነበረው ወደ 35 ቢወርድ ነው። ምስሉ ላይ ያለው ተራ ብዥታ ራሱ ቁጥሩን በዚያው ልክ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል። ስለዚህ ጎበዝ ሐኪም እንኳ አፍጥጦ አይቶ «ምንም የለም» ሊል ይችላል፣ ቢልም አይፈረድበትም። ሲቲ ላይ ቦታው ማንም እስኪያየው ድረስ ጠቁሮ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቀን፣ ከአንድ ቀን በኋላ ነው።

ታዲያ በነዚያ ሦስት ሰዓታት አንጎሉ ውስጥ ምንም አልተፈጠረም ማለት ነው? ተፈጥሯል እንጂ! ያውም ዋናው ነገር ያኔ አልቋል። አንጎል ስንቅ የለውም። ደም በተቋረጠ በደቂቃዎች ውስጥ የሴሉ ጉልበት ያልቃል። በሴሉ ግድግዳ ላይ ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ አለ፣ ያ ፓምፕ ይቆማል። ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውሃም ይከተለዋል። ሴሉ ያብጣል። ይህ ውሃ የሚመጣው ደግሞ ከሩቅ አይደለም፣ እዚያው በሴሎቹ መካከል ካለው ክፍተት ነው። ያ ክፍተት ጤነኛ አንጎል ላይ ከጠቅላላው ይዘት አንድ አምስተኛውን ይይዛል። ሴሎቹ ሲያብጡ ወደ ግማሹና ከዚያም በታች ይጠብባል።

ድግስ ላይ ድንገት ዝናብ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ተበትኖ የነበረው ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ይታጎራል። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ብዛት አልተለወጠም። ግን ከቦታው ንቅንቅ የሚል የለም። ሲቲ ከላይ ሆኖ ሰው ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ያው ነው። ኤምአርአይ ዲፊውዥን በሚባለው፣ የውሃን እንቅስቃሴ በሚለካው ዘዴ ሲያይ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ምን ያህል መራመድ እንደቻለ ይጠይቃል። መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ ተለውጧል።

ይህን እንዴት እንደሚለካ ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ፊልምህን የምታነበው በዚህ ነው።

ውሃ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሲመስለን እንኳ ሞለኪውሎቹ በየአቅጣጫው ይንቀዋለላሉ። አንጎል ውስጥ በ50 ሚሊ ሰከንድ አንድ የውሃ ሞለኪውል በአማካይ 9 ማይክሮሜትር ያህል ይርቃል። ይህ ከሴል ስፋት ጋር የሚቀራረብ ርቀት ነው። ስለዚህ በመንገዱ ግድግዳ ይበዛበታል፣ ምን ያህል እንደሄደ ማወቅም ስለ ግድግዳው ይነግረናል። ማሽኑ አንድ ጊዜ ኃይለኛ የማግኔት ምት ይሰጥና እያንዳንዱን ሞለኪውል ባለበት ቦታ ልክ ምልክት ያደርግበታል። ጥቂት ቆይቶ ያንን ምልክት የሚሰርዝ ሁለተኛ ምት ይሰጣል። ሞለኪውሉ ከቦታው ካልራቀ ምልክቱ በትክክል ይሰረዝና ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል፣ ምስሉም ይነጣል። ርቆ ከሄደ አይገጣጠምም፣ ሲግናሉ ይጠፋል፣ ምስሉ ይጠቁራል።

የምቱን ጉልበት የሚነግረን ቁጥር ፊልሙ ጥግ ላይ `b1000` ተብሎ ተጽፏል። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
S = S0 × e^(−b × D)
```

`S0` ያለ ምት የነበረው ሲግናል ነው፣ `D` የውሃው የእንቅስቃሴ መጠን ነው። ጤነኛ አንጎል ላይ `D` በሰከንድ 0.0008 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በ1000 ስታባዛው 0.8 ይሆናል፣ ከሲግናሉ 45 በመቶው ይተርፋል። አዲስ ስትሮክ ላይ `D` ወደ 0.0004 ወርዷል እንበል። ያኔ 67 በመቶው ይተርፋል። በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ ያለው ነጻ ፈሳሽ ደግሞ 0.003 አካባቢ ስለሆነ የሚተርፈው 5 በመቶ ብቻ ነው፣ ለዚህ ነው ምስሉ ላይ ጥቁር የሆነው። እንግዲህ አወዳድረው። ሲቲ ላይ 37 ወደ 35 ሲወርድ ዲፊውዥን ላይ 45 ወደ 67 ወጣ። የታመመው ቦታ ከጎረቤቱ በግማሽ ያህል ደምቆ ይታያል። ይህን ለማየት የዓይን ጉብዝና አይጠይቅም፣ ተማሪም ያየዋል።

የመጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች የመጡት ከድመት ነው። በ1990 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሞዝሊ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የድመት አንጎል የደም ስር ዘግተው በዲፊውዥን አዩት። በሌላው የኤምአርአይ ምስል ገና ምንም ሳይታይ ይህኛው ነጥቶ ወጣ። የስትሮክ ምርመራ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሆነ።

አሁን ወደ አንተ ፊልም እንምጣ። ስታየው አንድ ነገር እንዳያደናግርህ፣ የታካሚው ግራ ያለው በፊልሙ ቀኝ በኩል ነው። ከእግር በኩል ቆመን እንደምናየው አድርገን ነው የምናነበው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ `b1000` የሚለውን ምስል ፈልግ። በፊልሙ ቀኝ በኩል፣ ከመሃሉ ወደ ጎን ወጣ ብሎ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ ትንሽ የሚበልጥ ነጭ ቦታ አለ። ኢንሱላ ከተባለው የታጠፈ የአንጎል ቅርፊት ይጀምርና ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ይወጣል። ንግግር የሚቀናበረው እዚህ ነው። አፍንና እጅን የሚያንቀሳቅሰው ክፍልም ጎረቤቱ ነው። እግርን የሚያዘው ግን ከላይ፣ ከመሃል መስመሩ አጠገብ ነው፣ ደሙንም የሚያገኘው ከሌላ የደም ስር ነው። «እግራቸው ደህና ነበር» ያልከኝ ከዚህ ምስል ጋር ልክክ ይላል። እኔ ስካን ሳነብ ከምስሉ ይበልጥ ደስ የሚለኝ እንዲህ ታሪኩና ምስሉ ሲገጣጠሙ ነው።

ነጭ አየሁ ብለህ ግን አትቸኩል። ከጎኑ `ADC` የሚል ምስል አለ። እሱን ሳያዩ ስትሮክ ነው ማለት አይቻልም። ምክንያቱም `b1000` ምስል ላይ አንድ ቦታ የሚነጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ የውሃው እንቅስቃሴ ታግዶ ነው። ሌላው ቦታው ከመነሻው ብዙ ውሃ ያለበት፣ ለምሳሌ የድሮ ጠባሳ፣ ሆኖ ድምቀቱ ወደዚህ ምስል ሲያልፍ ነው። የ`ADC` ምስል ያለ ምትና ከምት በኋላ የተገኘውን ሲግናል አወዳድሮ እንቅስቃሴውን ብቻ ለይቶ ያወጣል። በዚህኛው ላይ ቀለሙ ተገላባጭ ነው፣ የታገደ ቦታ ይጠቁራል። ሕጉ ቀላል ነው። `b1000` ላይ ነጭ፣ `ADC` ላይ ጥቁር ከሆነ አዲስ ነው። ሁለቱም ላይ ነጭ ከሆነ የቆየ ነገር ሊሆን ይችላል። የአባትህ በመጀመሪያው ነጭ፣ በሁለተኛው ጥቁር ነው፣ ያውም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ። «አዲስ ስትሮክ» የተባለው ለዚህ ነው።

«አዲስ» ስንል ምን ያህል አዲስ? የ`ADC` ጥቁረት ለዘላለም አይቆይም። ሴሎቹ ሲፈነዱና ግድግዳው ሲፈርስ ውሃው እንደገና መንገድ ያገኛል። ከ7 እስከ 10 ቀን አካባቢ ቁጥሩ ወደ ጤነኛው ይመለሳል፣ ከዚያ ያልፈዋል። በዚያ መሃል ላይ የተነሳ ሰው `ADC` ምስሉ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ዘግይተው ለሚመጡ ሰዎች ይህን ማስታወስ ደግ ነው። ምስሉ ከታሪኩ ጋር ካልተነበበ ያሳስታል።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ፍሌር የሚባል ምስል አለ፣ ያንተም ፊልም ላይ `FLAIR` ተብሎ አለ። እሱ የሚነጣው ውሃው በእውነት ሲጨምር ስለሆነ ዘግየት ይላል። ዲፊውዥን ነጥቶ ፍሌር ገና ምንም ካላሳየ፣ ስትሮኩ ከ4 ሰዓት ተኩል ያልበለጠ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ተኝቶ አድሮ ጠዋት አንድ ጎኑ ዝሎ ለተነሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ መቼ እንደጀመረው የሚያውቅ የለማ። በ2018 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ዌክ አፕ የተባለ ጥናት በዚህ ዘዴ የተመረጡ ሰዎች የረጋ ደም ከሚያሟሟው መድኃኒት እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። አባትህ ግን ቁርስ ላይ ሆነው ሰው እያያቸው ነው የጀመራቸው። ሰዓቱ ይታወቃል። በ28ኛው ሰዓት ሲነሱ ፍሌሩም ነጥቷል፣ እንደሚጠበቀው።

አሁን ሲቲውን መልሰን እንየው። ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ጥርጣሬ የሚያጭር አንድ ቦታ አገኘሁ። በጤነኛው ጎን ኢንሱላው ላይ ቀጭን ፈካ ያለ ጥብጣብ ይታያል፣ እሱ ግራጫው ቅርፊት ነው። በግራ በኩል ያ ጥብጣብ ደብዝዞ ከነጩ ክፍል ጋር ተቀላቅሏል። ግራጫው ወደ ነጩ ቁጥር ሲወርድ ድንበሩ ይጠፋል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ ላይ ከሚፈለጉት ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ሌላው በረጋ ደም የተሞላ የደም ስር እንደ ነጭ ክር ሲታይ ነው፣ እሱ ያንተ ፊልም ላይ የለም።

ግን ለራሴም ጉራ አልሰጥም። እኔ ይህን የማየው መልሱን ከኤምአርአዩ ካወቅሁ በኋላ ነው። የት እንደምመለከት ተነግሮኛል። ተረኛው ሐኪም ይህን ዕድል አላገኘም። ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ቢሆን ንጽጽሩን ማጥበብ ይችላል። በተለምዶ 80 ቁጥር የሚሸፍነውን የግራጫ እርከን ወደ 40 ወይም ከዚያ በታች ብታጠበው ትንሿ ልዩነት ትጎላለች። ስትሮክ ሲጠረጠር ይህን ማድረግ ልማድ ሊሆን ይገባል ባይ ነኝ። የታተመ ፊልም ላይ ግን አይቻልም፣ የታተመው ታትሟል። አንድ ቅሬታ ካለኝ «ኖርማል» በምትለው ቃል ላይ ነው። ሪፖርቱ «ደም መፍሰስ የለም፣ አዲስ ስትሮክ ግን በዚህ አይወገድም» ቢል ኖሮ አንተም ሌሊቱን በጥርጣሬ አታሳልፍም ነበር። አባትህ የተኙበትን ክፍል ሐኪም ግን አድንቄዋለሁ። ወረቀቱን ሳይሆን የዛለውን እጅ አመነ።

መጀመሪያውኑ ኤምአርአይ ይሻል ነበር ወይ ላልከው፣ አይሻልም ነበር። በዚያ ጠዋት አጣዳፊው ጥያቄ «ስትሮክ የት አለ?» አልነበረም። «የፈሰሰ ደም አለ?» ነበር። የአባትህ ዓይነት መዛል ከተዘጋ ደም ስርም ከፈነዳ ደም ስርም ይመጣል። ከውጭ አይተህ መለየት አትችልም። ግፊታቸውን መድኃኒት የሚዘሉ ሰው ሲሆኑ ደግሞ የፈነዳ የመሆን ስጋቱ የዋዛ አይደለም። ለአንዱ የሚሰጠው አስፒሪን ለሌላው ጉዳት ነው። የፈሰሰ አዲስ ደም ደግሞ ሲቲ ላይ ወዲያው ይነጣል፣ ቁጥሩ 60 እና ከዚያ በላይ ነው። ከ37 ጋር አይምታታም። በዚህ ጥያቄ ላይ ሲቲ ፈጣን ነው፣ እርግጠኛ ነው፣ አልጋው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒትም በተገኘበት ቦታ የሚሰጠው ከጀመረው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ለሱም ውሳኔ ኤምአርአይ ግዴታ አይደለም። ታሪኩ፣ ምርመራውና ደም የሌለበት ሲቲ ይበቃሉ። እንዲያውም በዚያ ሰዓት «ኖርማል» የሆነ ሲቲ የምሥራች ነው። ደም አልፈሰሰም፣ ሰፊ ቦታም ገና አልሞተም ማለት ነው። ኤምአርአይ ፍለጋ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ከደብረ ሲና ቀጥታ አዲስ አበባ ብትነዱ ኖሮ 190 ኪሎ ሜትር ነው። የጣርማበር ጉም፣ የከተማው መጨናነቅ፣ የመመዝገቢያው ሰልፍ ሲጨመርበት ሰዓቱ በመንገድ ላይ ያልፍ ነበር። ዲፊውዥኑ ራሱ አንድ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ቢሆንም ሙሉው ኤምአርአይ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጃል። ታካሚው ሳይነቃነቅ መተኛት አለበት። መናገር አቅቶት የተደናገጠን ሰው «አትነቃነቅ» ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ሰውነቱ ውስጥ የልብ ማሽን ወይም የቀረ ጥይት ካለ ማግኔቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መጣራት አለበት። ጎረቤትን «ምች ነው» እያለ ትታችሁ ደብረ ብርሃን መድረሳችሁ ትክክል ነበር።

ዘመድህ ግን ገንዘብ አስጠፋ አልልም። ኤምአርአዩ አንድ ጠቃሚ ነገር ነግሮናል። ነጩ ቦታ አንድ ነው፣ በአንድ የደም ስር ክልል ውስጥ ነው። በሁለቱም ጎንና በኋላ በኩል የተረጩ ነጫጭ ነጥቦች ቢኖሩ ከልብ የሚነሳ የረጋ ደም ይበልጥ እጠረጥር ነበር። አንድ ቢሆንም ከልብ አይመጣም ማለት ስላልሆነ፣ የልብ ምታቸው በኢሲጂ ይታይ። የአንገታቸው የደም ስር በአልትራሳውንድ ይታይ። እነዚህ ካልተሠሩ ሐኪሙን ጠይቀው።

ዲፊውዥንን እንዲህ ካሞገስኩት በኋላ የሚያሳስትበትንም ልንገርህ፣ «ኤምአርአይ ካለ አይቀርም» ብለህ እንዳትሄድ። ከመሃል ሜዳ አንዲት እናት ድንገት ራሳቸውን አዙሯቸው፣ ሁለት ሁለት እየታያቸው፣ ቀጥ ብለው መራመድ አቅቷቸው መጡ እንበል። በመጀመሪያው ቀን ዲፊውዥኑ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። የአንጎል ግንድ ላይ ያለ ትንሽ ስትሮክ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ሊያመልጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ስትሮክ እንዳለበት ተቆጥሮ ይታከማል፣ ምስሉም ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይደገማል፣ ያኔ ይወጣል። ስለዚህ ኤምአርአዩም «ኖርማል» ሲል እንደ ሲቲው ያው ጥያቄ ይቀርባል፦ በሽተኛው ምን ይላል?

በተቃራኒውም ስትሮክ ያልሆነ ነገር ይነጣል። መግል የቋጠረ እብጠት ይነጣል፣ መግል ወፍራም ስለሆነ ውሃው አይንቀሳቀስም። ከረጅም የሚጥል መናድ በኋላ የአንጎል ቅርፊት ሊነጣ ይችላል። እኛ ጋ በጣም የምፈራው ግን የስኳር ማነስ ነው። ጾም ላይ ሆነው ኢንሱሊን የሚወጉ፣ ምግባቸው ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚገፋባቸው ሰዎች አሉ። ስኳሩ ሲወርድ አንድ ጎን ሊዝል፣ ንግግር ሊጠፋ፣ ዲፊውዥኑም ሊነጣ ይችላል። ምክንያቱም ያው ነው፣ ሴሉ ጉልበት አጣ፣ ፓምፑ ቆመ። ማሽኑ ጉልበቱ ያለቀው በደም ማጣት ይሁን በስኳር ማጣት አያውቅም። ስለዚህ ከሲቲም ከኤምአርአይም በፊት ጣት ተወግቶ ስኳር ይለካል። በዚህ ነገር ላይ ስልቹ አይደለሁም፣ ደጋግሜ እናገራለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄህ ሲቲው ይደገም ወይ የሚለው ነው። አባትህ እንዳሉበት ከሆኑ ወይም ከተሻላቸው አይደገም። ዛሬ ቢነሱ ቦታው ጥቁር ሆኖ በግልጽ ይታያል። ከኤምአርአዩ የምታውቀውን መልሶ ይነግርሃል እንጂ ሕክምናቸውን አይለውጥም። ግን አሁን ያሉት እብጠቱ በሚጨምርባቸው ቀናት ውስጥ ነው፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይብሳል። የሳቸው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ብዙም አልሰጋም። ቢሆንም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸውና ሲጠሯቸው ካልነቁ፣ ማስታወክ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ከጀመራቸው፣ ወይም ደህና የነበረው እግር ከዛለ፣ ነርሷን በዚያው ደቂቃ ጥራ። ያኔ የሚፈለገው ሲቲ ነው፣ እዚያው ደብረ ብርሃን ያለው። እብጠቱ መሃሉን ገፍቶት እንደሆነ፣ የሞተው ቦታ ላይ ደም ፈስሶ እንደሆነ በአምስት ደቂቃ ያሳያል። ለዚያ አዲስ አበባ እንዳትሄዱ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ኤምአርአይ ካስነሳችሁበት ቦታ ሲዲውን ተቀበል። ፊልሙ ላይ የታተሙት ተመርጠው ነው፣ የ`ADC`ን ቁጥር ለመለካትም ሆነ ከሌላ ጊዜ ምስል ጋር ለማወዳደር ሐኪሙ ሙሉውን ይፈልገዋል። በስልክ የተነሳ ፎቶ ላይ እኔ የገመትኩትን እሱ ሲዲው ላይ ይለካዋል።